«ማንኛውንም ዘፈን በአንድ ቁልፍ ክላሲካል ማድረግ» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ማንኛውንም የአማርኛ ዘፈን ወይም መዝሙር በአንድ ቁልፍ ድምፁን ለብቻ፣ ክላሲካሉን ለብቻ ማውጣት ይቻላል። ፕሮግራሙ አውጥቶ የሚሰጣችሁ ድምፃዊው ስቱዲዮ ገብቶ የቀዳውን ራሱን ነው።»

ስህተቱ የሚጀምረው ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ነው። ድምፃዊው ለብቻው የተቀዳበት ትራክ ሚክስ ሲደረግ ከሌሎቹ ጋር ተደምሮ ግራና ቀኝ የሚባሉ ሁለት ቻናሎች ብቻ ሆኗል። በእያንዳንዱ ቻናል ውስጥ ለአንድ ሴኮንድ ናሙና የሚባሉ 44,100 ቁጥሮች አሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር ደግሞ የድምፃዊው፣ የክራሩ፣ የከበሮውና የኪቦርዱ ድምር ነው። ድምሩ 10 ነው ተብሎ የተነገረው ሰው የተደመሩት 7 እና 3 ይሁኑ 6 እና 4 ከድምሩ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ፕሮግራሙም አያውቅም። ብዙ ዘፈን ሰምቶ በለመደው መሠረት «ድምፁ ይህን ይመስል ነበር» ብሎ ይገምታል፤ እኛ የምናገኘው ያንን ግምት ነው።

ግምቱ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ የቀሩትን ነጥቦች ያቀልላል። የሙዚቃ ማሰራጫው ዲዘር እ.ኤ.አ. በ2019 የለቀቀው ስፕሊተር የተባለ የመለያ ፕሮግራም ዘፈኑን በጣም አጫጭር ቁራጮች ይቆርጥና እያንዳንዱን ቁራጭ ከወፍራም እስከ ቀጭን ድምፅ በትንንሽ ክፍሎች ይዘረዝረዋል። አንዱ ቁራጭ 93 ሚሊሴኮንድ ያህል ይረዝማል፤ አንዱ ክፍል ደግሞ 11 ሄርዝ ገደማ ይሰፋል። ለእያንዳንዱ ክፍል የሚመለሰው ጥያቄ «ከዚህ ውስጥ ስንት እጁ የሰው ድምፅ ነው?» የሚል ነው። መልሱ 80 በመቶ ከሆነ 80ው ለድምፁ፣ 20ው ለሙዚቃው ይሰጣል። ክፍሉ ውስጥ ሁለቱም እኩል ካሉ ሁለቱም ፋይሎች የሌላውን ጭማቂ ይዘው ይወጣሉ። ስፕሊተር በመደበኛ አቀማመጡ ከ11 ኪሎ ሄርዝ በላይ ያለውን ጭራሽ አይለይም፤ የሚያወጣው ድምፅ የታፈነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

በነፃ ከሚገኙት ውስጥ በብዛት ከሚሠራባቸው አንዱ የሜታ ተመራማሪዎች ያዘጋጁት ዴሙክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው `htdemucs` የሚባለው ሞዴሉ ዘፈኑን በሁለት መንገድ ያየዋል፤ እንደ ስፕሊተር በክፍል ዘርዝሮ፣ እንዲሁም ሞገዱን ሳይዘረዝር በቀጥታ። ውጤቱ በግልጽ ይበልጣል። ያም ሆኖ በመፈተሻ ዘፈኖች ላይ የተመዘገበለት አማካይ ውጤት 9 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ትክክለኛው ድምፅ ከስህተቱ በኃይል ስምንት እጥፍ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ስምንት ለአንድ ጥሩ ነው፤ ጸሐፊው እንደሚሉት ግን «ራሱ» አይደለም።

ያ አንድ እጅ ስህተት የት እንደሚቀመጥ ለአማርኛ ጆሮ ቶሎ ይታወቃል። «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» የሚባሉት ፊደላት ለፕሮግራሙ ከሲምባል ጋር ይመሳሰሉበታልና ክላሲካሉ ውስጥ ይቀራሉ። ዘፋኙ ጠፍቶ ፉጨቱ ብቻ በየስንኙ ጫፍ ይሰማል። «ጥ»፣ «ቅ» እና «ጭ» አጭር ፍንዳታ ስላላቸው ከከበሮ ምት ጋር እኩል ሲወድቁ ከድምፁ ፋይል ሊቀነሱ ይችላሉ። ያኔ ቃሉ ፊቱን አጥቶ ይወጣል። የድምፁን ፋይል ለብቻ ስታዳምጡ «ቅጠል» «እጠል» ወደሚል ካዘነበለ ምክንያቱ ይኸው ነው።

«ጥራቱን ለመፈተሽ ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ አጫውቱ። ዋናውን ዘፈን ከሰጧችሁ መለያየቱ ንጹሕ ነው።»

ይህ ፈተና የሚነግረን ምንም ነገር አለመጥፋቱን ብቻ ነው። ሁሉም በየቦታው መግባቱን አይነግረንም። ማሲንቆው ተጠራርጎ ድምፁ ፋይል ውስጥ ቢገባ እንኳ የሁለቱ ድምር ያው ዋናው ዘፈን ነው። ነገሩን እስከ መጨረሻው ብንገፋው፣ ዘፈኑን ከመሐል ቆርጣችሁ የመጀመሪያውን ግማሽ በአንድ ፋይል፣ ሁለተኛውን በሌላ ብታስቀምጡ ፈተናውን በሙሉ ነጥብ ያልፋል። አንዳንድ ፕሮግራሞች ክላሲካሉን የሚሠሩት የገመቱትን ድምፅ ከዋናው ዘፈን ላይ በመቀነስ ስለሆነ፣ ግምቱ ቆሻሻ ቢሆንም ድምሩ ሁልጊዜ ልክ ይመጣል።

በተቃራኒው በደንብ የተለየ ዘፈን ፈተናውን የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ውጤቱን በኤምፒ3 ካስቀመጣችሁት ኤምፒ3 በባሕርዩ መጀመሪያው ላይ ትንሽ ባዶ ቦታ ይጨምራል፤ ሌም በተባለው መቀየሪያ ከተሠራ 1,105 ናሙና፣ ማለትም 25 ሚሊሴኮንድ ገደማ ይሆናል። ከዋናው ጋር አስተያይታችሁ ስትቀንሱት ታዲያ ሁለቱ እርስ በርስ አይሰራረዙም። ሌላው ምክንያት ብዙ ሰው ያላስተዋለው ነው፦ ዴሙክስ አንዱ ፋይል ሊይዘው ከሚችለው ጣራ በላይ የሚጮህ ከሆነ እንዳይሰነጠቅ ብሎ ያንን ፋይል ብቻ በራሱ ጊዜ ዝቅ ያደርገዋል። ድምፁና ክላሲካሉ መጀመሪያ የነበራቸው ሚዛን ይፈርሳል። ዘመናዊ ማስተሪንግ የተደረገባቸው ዘፈኖች አብዛኛዎቹ ጣራው ላይ ስለሆኑ ይህ በየቀኑ ያጋጥማል። መፍትሔው ከመለየቱ በፊት ዘፈኑን በ6 ዴሲቤል ዝቅ ማድረግ ነው፤ የመጀመሪያው ትእዛዝ ዝቅ ያደርገዋል፣ ሁለተኛው ይለየዋል፦

```
ffmpeg -i zefen.m4a -af volume=-6dB -ar 44100 -ac 2 -c:a pcm_s24le zefen.wav
demucs -n htdemucs_ft --two-stems=vocals --float32 zefen.wav
```

ውጤቱ `separated/htdemucs_ft/zefen` በሚባል ማኅደር ውስጥ `vocals.wav` እና `no_vocals.wav` ሆኖ ይቀመጣል። የጠፋ ነገር መኖሩን ማየት ከፈለጋችሁ ሁለቱን ከዋናው ላይ የሚቀንሰው ትእዛዝ ይህ ነው፤ ሦስቱ ፋይሎች አንድ ቦታ ይሁኑ፦

```
sox -m -v 1 zefen.wav -v -1 vocals.wav -v -1 no_vocals.wav farq.wav
sox farq.wav -n stats
```

`RMS lev dB` በሚለው መስመር ላይ የሚወጣው ቁጥር ዝቅ ባለ መጠን ሁለቱም ፋይሎች ሳይዙት የቀረው ነገር ትንሽ ነው። ከዚያ ያለፈ ትርጉም አትስጡት።

ትክክለኛው ፈተና ጆሮ ነው፤ ግን የሚያዳምጠውን ቦታ መምረጥ አለበት። የድምፁን ፋይል በ12 ዴሲቤል ከፍ አድርጋችሁ ዘፋኙ ገና ያልጀመረበትን መግቢያ አድምጡ፤ እዚያ ዝምታ ነው መሰማት ያለበት። የሚሰማው ሁሉ በስህተት «ሰው» ተብሎ የተወሰደ መሣሪያ ነው። ቀጥሎ ክላሲካሉን ይዛችሁ የስንኝ መጨረሻዎችን አድምጡ፤ የኢኮው ጭራ የሚቀረው እዚያ ነው። በጆሮ ማዳመጫ ይሁን፤ የስልክ ድምፅ ማውጫ ሁለቱንም ይደብቃል።

«ከዩቲዩብ የወረደ ኤምፒ3 ቢሆንም ችግር የለም፤ ወደ ዋቭ ስትቀይሩት ጥራቱ ይመለሳል።»

አይመለስም። ኤምፒ3 የሚጨምቀው ኃይለኛ ድምፅ የሚሸፍነውን ደካማ ድምፅ በግርድፉ በማስቀመጥ ወይም ጨርሶ በመተው ነው፤ ጆሮ ስለማይሰማው። እኛ ደግሞ የምንሠራው ተቃራኒውን ነው፦ ሸፋኙን ዘፋኝ አንስተን ከሥሩ የተሸፈነውን ክራር እናጋልጣለን። ሲጋለጥ በግርድፉ የተቀመጠው ነው የሚወጣው። ሙሉውን ዘፈን ስትሰሙት ምንም ያልነበረበት 128 ኪሎቢት ፋይል ከተለየ በኋላ ውኃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ የሚመስለው ለዚህ ነው። ዋቭ ማድረጉ ለሥራ ይጠቅማል፤ የሄደውን አያመጣም። ሲዲ ካለ ከሲዲ፣ ከሌለ ከዩቲዩብ የመጣውን ፋይል በመሐል ኤምፒ3 ሳታደርጉ እንዳለ ተጠቀሙ።

«ማሲንቆ፣ ክራር፣ ዋሽንት፣ ከበሮ፣ ሁሉም መሣሪያ ስለሆኑ ሳይቀሩ ወደ ክላሲካሉ ፋይል ይገባሉ።»

ጽሑፉ ውስጥ አንባቢን በጣም የሚያሳስተው ይህ ነው፤ ለአማርኛ ዘፈን ዋናው ጉዳይም ይኸው ስለሆነ ረዘም አድርገን እንየው።

ፕሮግራሙ «መሣሪያ» የሚባል ነገር አያውቅም። የሚያውቀው ሲሠለጥን የተሰጡትን አራት ሳጥኖች ነው፦ ድምፅ፣ ከበሮ፣ ቤዝ እና «ሌላ»። ለዚህ ሥልጠና በሰፊው የሚያገለግለው ሙዝዲቢ18 የተባለው ስብስብ 150 ዘፈኖች አሉት፤ 100ው ለማሠልጠኛ፣ 50ው ለመፈተሻ፤ ሁሉም ተደምሮ 10 ሰዓት ያህል ነው። አብዛኛው የምዕራቡ ዓለም ፖፕና ሮክ ነው። ዴሙክስ በዚህ ላይ 800 ተጨማሪ ዘፈኖች ታክለውለታል። በእንዲህ ያለ ስብስብ ውስጥ እየተንሸራተተ የሚሄድ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ በሰው ድምፅ ከፍታ መሐል ላይ ያለና ሳይቋረጥ የሚረዝም ነገር ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ዘፋኝ ነው።

ማሲንቆ ደግሞ ልክ ያንን ያደርጋል። አንድ የጭራ አውታር፣ በጭራ ደጋን የሚገዘገዝ፤ ጣት የሚያርፍበት የተከፈለ ምልክት የሌለው፤ ስለዚህ ከኖታ ወደ ኖታ እንደ ጉሮሮ ይንሸራተታል። ቆዳ የተወጠረበት ሳጥኑ ድምፁን አፍንጫ አፍንጫ ያደርገዋል። የአዝማሪ አጨዋወት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል፤ ማሲንቆው ዘፋኙ የሚለውን ዜማ እግር በእግር ይከተላል፣ ዘፋኙ ሲያርፍ ያንኑ ስንኝ ይመልሳል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ ችግሮች አሉብን፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ማሲንቆው ለብቻው የሚመልስበት ቦታ ነው። እዚህ ፕሮግራሙ ማሲንቆውን በከፊል ወይም በሙሉ ድምፁ ፋይል ውስጥ ያስገባዋል፤ ክላሲካሉ ላይ ማሲንቆው ይደበዝዛል ወይም እየጠፋ እየመጣ ይንተፋተፋል። ይህ ሙሉ በሙሉ የሚስተካከል ነው፤ ዘፋኙ በሌለበት ቦታ ዋናው ዘፈን ራሱ ክላሲካል ነውና።

ሁለተኛው ሁለቱ እኩል አንድ ዜማ የሚሉበት ነው። ዘፋኙ 220 ሄርዝ ላይ ሲይዝ ድምፁ በ440፣ በ660፣ በ880 እያለ ወደ ላይ የሚሄዱ ተከታዮች አሉት። ማሲንቆው አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ 440 ላይ ቢጫወት የእሱ ተከታዮች 880 እና 1320 ናቸው፤ አንዱም ሳይቀር የዘፋኙ ተከታዮች ላይ ይወድቃል። ማሲንቆው በ2 ሄርዝ ቢዛነፍ እንኳ ታችኛው እርከን ላይ ሁለቱ በዚያ 11 ሄርዝ ስፋት ባለው አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። ሁለቱን የሚለያቸው የፊደላቱ አነሳስና ከላይ ያለው ትንሽ የቀለም ልዩነት ብቻ ነው። ፕሮግራሙ እዚህ ላይ የሚወስነው ለዘፋኙ ነው፤ ማሲንቆው አብሮ ይሄዳል። ይህን የሚመልስ ቁልፍ የለም።

ክራር በአንጻሩ ሲመታ ወዲያው ጀምሮ እየሞተ ስለሚሄድ ከሞላ ጎደል በቦታው ይቀራል። ከበሮ ችግር የለበትም፤ ዋሽንት ረጅም ኖታ ሲይዝ አንዳንዴ ይሾልካል። በገና ግን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ከአውታሮቹ ሥር የሚገባው ቁራጭ ቆዳ የሚፈጥረው ንዝረት ድምፁን እስከ ላይ ድረስ ያጅለዋል፤ ደርዳሪው ደግሞ ዝቅ ባለ፣ ለንግግር በቀረበ ድምፅ እዚያው ውስጥ ይዘምራል። የበገና መዝሙርን ለይቶ ንጹሕ ክላሲካል አገኛለሁ ብሎ መጀመር ልፋት ነው።

አንድ ምሳሌ እስከ መጨረሻ እንሂድበት። 4 ደቂቃ ከ20 የሚረዝም የባህል ዘፈን አለ እንበል፤ ወንድ ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ክራር፣ ከበሮ፣ ሴቶች ተቀባዮችና ጭብጨባ። ማሲንቆው ከከበሮ ጋር እስከ 0:26 መግቢያውን ይጫወታል፤ ድምፃዊው እስከ 0:50 ሁለት ስንኝ ይላል፤ እስከ 1:02 ማሲንቆው ይመልሳል፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ይገባሉ። የሚፈለገው ለሰርግ የሚሆን ክላሲካል ነው።

ከላይ ባሉት ትእዛዞች ትለዩታላችሁ። ጥሩ የግራፊክስ ካርድ በሌለው ኮምፒዩተር መደበኛው ሞዴል የዘፈኑን ርዝመት አንድ ተኩል ጊዜ ያህል ይፈጃል፤ ትእዛዙ ውስጥ ያለው የተሻሻለው ቅጂ `htdemucs_ft` የዚያን አራት እጥፍ፤ ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ገደማ ጠብቁ። ከዚያ ዝቅ ያደረጋችሁትን `zefen.wav`፣ `vocals.wav` እና `no_vocals.wav` በኦዳሲቲ ወይም በለመዳችሁት የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ሦስት ትራክ አድርጋችሁ ከዜሮ አስጀምሯቸው። መጀመሪያ የድምፁን ትራክ ብቻ እያዳመጣችሁ ዘፋኙ በእርግጥ ያለባቸውን ቦታዎች ምልክት አድርጉ።

ከ0:00 እስከ 0:26 ክላሲካሉን አጥፉና በቦታው ዋናውን ዘፈን አስገቡ። መገጣጠሚያው ላይ የ30 ሚሊሴኮንድ መሸጋገሪያ ይበቃል፤ ሁለቱ ፋይሎች በናሙና ደረጃ እኩል ስለሚሄዱ ስፌቱ አይሰማም። ይህ የሚሠራው ታዲያ ቀደም ሲል በ6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጋችሁ ሚዛኑ ካልተዛባ ብቻ ነው፤ ካለበለዚያ መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ይዘላል። 0:50 ላይ ሲመጣ አትቸኩሉ። ዘፋኙ ቢያርፍም ኢኮው ለአንድ ሴኮንድ ተኩል ያህል ይቀጥላል፤ ወደ ዋናው ወዲያው ከተሻገራችሁ የዘፋኙ የመጨረሻ ቃል ጭራ ተመልሶ ይሰማል። 0:51.5 ላይ፣ በ300 ሚሊሴኮንድ ለስላሳ መሸጋገሪያ ተሻገሩ።

አሁን ማሲንቆው በክፍተቶቹ ላይ ሙሉ ሆኖ ይመጣል፤ ስንኞቹ ሥር ግን ድክም ይላል። ይህ መውጣትና መግባት ያስታውቃል። ክፍተቶቹ ላይ ያስገባችሁትን ዋና ዘፈን ከ2 እስከ 3 ዴሲቤል ዝቅ ብታደርጉት ልዩነቱ ይጠባል። ስንኞቹ ሥር የድምፁን ፋይል ከ12 እስከ 15 ዴሲቤል ዝቅ አድርጎ መመለስም ይቻላል፤ ማሲንቆው ትንሽ ይመለሳል፣ የዘፋኙ ጥላም አብሮት። ሰርግ ላይ በላዩ የሚዘፍን ሰው ካለ ያ ጥላ አይሰማም፤ እንዲያውም መሪ ይሆነዋል። ያለ ጥላ ሙሉ ማሲንቆ የሚፈለግ ከሆነ ግን መልሱ ማሲንቆ ተጫዋች ጠርቶ እነዚያን 24 ሴኮንዶች ማስቀዳት ነው።

ተቀባዮቹስ? ለፕሮግራሙ የሰው ድምፅ ሁሉ አንድ ነው፤ ተቀባዩም እልልታውም ከዘፋኙ ጋር ይወጣል፤ ጭብጨባው ከከበሮው ጋር ይቀራል። «አምጣው፣ ውሰደው» እየተባለ የሚሄድ ዘፈን ተቀባዩን ሲያጣ ግማሽ አካሉን ያጣል። ተቀባዮቹ ድምፃዊው ሳይኖር ለብቻቸው ከሆኑ ከላይ እንዳደረግነው ዋናውን አስገቡላቸው። በዘፋኙ ላይ ተደራርበው ከሆነ መሪውን ከተቀባዩ ለመለየት የሠለጠኑ የካራኦኬ ሞዴሎች አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር በተባለው ነፃ ፕሮግራም ውስጥ አሉ። እነሱ ደህና የሚሠሩት መሪው መሐል፣ ተቀባዮቹ ግራና ቀኝ ተበትነው ከተቀዱ ነው።

«የድሮ ዘፈኖች መሣሪያቸው ጥቂት ስለሆነ ከዛሬዎቹ ይቀላሉ።»

የመሣሪያ ብዛት እዚህ ላይ ያን ያህል አይወስንም። በ1990ዎቹ በኪቦርድና በድራም ማሽን የተሠራ ዘፈን ድምፃዊው በራሱ ማይክ፣ ለብቻው ተቀድቶ በላዩ ላይ የተጫነ ስለሆነ ከሁሉም በተሻለ ይለያል። የኪቦርዱ ኖታ አይንሸራተትም፤ ከሰው ጋር የሚምታታበት ምክንያት ጥቂት ነው።

የሸክላ አሳታሚው አምሐ ሪከርድስ ሥራ በጀመረበት እ.ኤ.አ. በ1969 አካባቢና በተከታዮቹ ዓመታት በሸክላ የወጡት ግን ሌላ ናቸው። ባንዱና ድምፃዊው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በጥቂት ማይክ፣ አብረው ሲቀዱ የሳክስፎኑ ድምፅ በዘፋኙ ማይክም ይገባል። ሳክስፎን ደግሞ የማሲንቆ ታላቅ ወንድም ነው፤ ይንሸራተታል፣ ይመልሳል፣ ድምፁ ፋይል ውስጥ ይገባል። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ሞኖ ናቸው። ሞኖ መሆኑን ለማወቅ አንዱን ቻናል ገልብጣችሁ ከሌላው ጋር ደምሩ፤ ዝምታ ከሆነ ሞኖ ነው። የሸክላ ጭረት ብቻ ከሰማችሁም ያው ነው። ፕሮግራሙ ዘፋኙ መሐል፣ ሌላው ጎንና ጎን መሆኑን እንደ ፍንጭ ይጠቀምበት ነበር፤ ሞኖ ላይ ያ ፍንጭ የለም። ድሮ ካራኦኬ የሚሠራበት አንዱን ጎን ከሌላው የመቀነስ ዘዴም እዚህ ላይ ጨርሶ አይሠራም።

ከሁሉም የሚከፋው ቴፑ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ የተቀዳ እንደሆነ ነው። ቴፕ ሲሞላ ዘፋኙንና ሳክስፎኑን ደምሮ ብቻ አያቆምም፤ ሁለቱ ሲገናኙ አንዳቸውም ያላወጡት አዲስ ድምፅ ይወለዳል። 300 ሄርዝና 500 ሄርዝ ሲጋጩ እንደ 100 እና 700 ያሉት ይጨመራሉ። ይህ ጭማሪ የማን ነው? የማንም አይደለም፤ ዘፋኙ ዝም ሲል ይጠፋል፣ ሳክስፎኑም ዝም ሲል ይጠፋል። ፕሮግራሙ ግን ለአንዱ መስጠት ግድ አለበት። የተለየው ድምፅ ከፍ ባለ ቁጥር ሻካራና የተሰነጠቀ ሆኖ የሚመጣው በዚህ ነው።

ከካሴት የተገለበጠ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ አክሉ። የማጫወቻው ራስ ትንሽ ካዘመመ ግራና ቀኙ በጥቂቱ ይዘገያያሉ። የዘፈኑ መነሻ ሞኖ ከሆነ ሁለቱን ቻናሎች አትደምሩ፤ ቀጫጭን ድምፆች እርስ በርስ ይሰራረዛሉ። የተሻለውን አንድ ቻናል መርጣችሁ በሁለቱም ጎን አስቀምጡት፤ ከዚያ ለዩት። የካሴቱ ሹክሹክታ ደግሞ ድምፁ ፋይል ላይ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት እየተነሣ ሲዘጋ ይተኛል። ሹክሹክታውን ከመለየት በፊት በኃይል አታጥፉት፤ «ስ» እና «ሽ»ን ይዞ ይሄዳል።

«ክላሲካሉ ላይ የዘፋኙ ጥላ ከቀረ ውጤቱን መልሳችሁ አስገቡት፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ሲደጋገም ይጸዳል።»

በሁለተኛው ዙር ፕሮግራሙ የሚያየው ዘፈን ሳይሆን ጥላ ያለበት ክላሲካል ነው። ጥላው ደካማና የተበጣጠሰ ስለሆነ ሰው መሆኑ አይገለጥለትም፤ የቀረው ማሲንቆ፣ ሳክስፎንና የኪቦርዱ ስትሪንግ ግን ሰው ይመስሉታል። ስለዚህ በየዙሩ ጥላው በጥቂቱ፣ መሣሪያው በብዙ ይቀንሳል። በሦስተኛው ዙር የቀረውን ብታዳምጡ ከበሮው ደህና ነው፤ መሐሉ ባዶ ሆኗል።

ጊዜ ካላችሁ የተሻለው ድግግሞሽ በአንዱ ዙር ውስጥ ያለው ነው። `--shifts=5` ብትጨምሩ ዴሙክስ ዘፈኑን በጥቂቱ እያንሸራተተ አምስት ጊዜ ይገምትና አማካዩን ይወስዳል፤ የዘፈቀደ ስህተቶች በመጠኑ ይለዝባሉ፤ ጊዜውም አምስት እጥፍ ይሆናል፤ ያለ ካርድ አይሞከርም። ከዚህ ይልቅ በሌላ ሞዴል ለይቶ በየስንኙ የተሻለውን መምረጥ የበለጠ ያተርፋል፤ ሁለት ሞዴሎች አንድ ቦታ ላይ እኩል አይሳሳቱምና። ማሲንቆን ግን ሁለቱም ሰው ነው ሊሉት ይችላሉ።

የቀረውን ጥላ ደግሞ ለምን እንደምታባርሩት አስቡ። በላዩ የሚዘፍን ሰው ካለ ከሙዚቃው በ20 ዴሲቤል ያነሰ ጥላ ይሸፈናል። የማይሸፈነው አዲሱ ዘፋኝ ከድሮው ቀድሞ የሚያርፍበት የስንኝ ጫፍ ነው፤ እዚያ የሰው ድምፅ ሽራፊ ብቅ ይላል። እነዚያን ጫፎች አንድ በአንድ ፈልጋችሁ፣ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ያለውን ለግማሽ ሴኮንድ ብቻ በ6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጓቸው፤ ከበሮውና ቤዙ በአብዛኛው ከዚያ በታች ስለሆኑ ብዙም አይነኩም።